ሦስት ደቂቃ ስንት ባር ነው? የአንድ ሙዚቃ ርዝመት በቢፒኤምና በባር ብዛት እንዴት ይሰላል

ዛሬ ስለ ሙዚቃና ስለ ሒሳብ እናወራለን። «ሁለቱን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የአንድ የሰፈራችንን ልጅ ታሪክ ስሙ።

ልጁ ኪቦርድ ተጫዋችና አቀናባሪ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ከመፍረሱ በፊት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ግድግዳዋ ላይ ስፖንጅ ለጥፎ ስቱዲዮ አድርጓት ነበር። አንድ ቀን የአንድ የውዝዋዜ ቡድን መሪ ትደውልለታለች። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ ዝግጅት አለ፣ ቡድኑ እስክስታ ያቀርባል፣ አዘጋጆቹ የሰጡት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው።

«ሦስት ደቂቃ ማለት ሦስት ደቂቃ ነው ወንድሜ። ካለፈ ድምፁን እንዘጋዋለን ብለውኛል» አለችው። ከክፍያው ግማሹ ቅድሚያ፣ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቀችው፦ «ሙዚቃው እስኪያልቅ ልጆቹን በከበሮ ማስጠናት ልጀምር። ስንት ባር ይሆናል?»

ልጁ የችክችካውን ምት ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክሎ ጨርሶ ነበር። ፍጥነቱ ለጆሮም ለእስክስታም ልክ ሆኖለታል። ስክሪኑ ላይ BPM የሚለው ቦታ 180 ይላል፣ አጠገቡ ደግሞ 6/8 ተጽፏል። ስልኩን አውጥቶ አሰላ፦ በደቂቃ 180 ምት፣ በሦስት ደቂቃ 540 ምት። ችክችካ በአንድ ባር ሁለት ምት አለው፣ ስለዚህ 540 ለሁለት ሲካፈል 270። «270 ባር ነው እህቴ» ብሎ ቴክስት አደረገላት።

እሷ ልጆቹን ለ270 ባር የሚሆን እንቅስቃሴ አስጠናች። እሱም 270 ባር አቀናበረ። ፕሮግራሙ ከላይ የሚያሳየው የባር ቁጥር እንጂ ደቂቃ ስላልነበረ ምንም አልጠረጠረም። ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ሙዚቃውን አውጥቶ ወደ ስልኩ ሲልከው፣ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ርዝመት 4:30 ሆነ። አራት ደቂቃ ተኩል! የተሰጣቸውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ተኩል አልፎ ቁጭ አለ።

ማባዛቱም ማካፈሉም ትክክል ነበር። ታዲያ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ለዚህ መጀመሪያ ቀላሉን ስሌት እንይና ወደ እሱ እንመለሳለን።

ስሌቱ ራሱ

ሙዚቃ ስትሰሙ ሳታስቡት እግራችሁ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል አይደል? ያ አንድ አንዱ መታ ማለት «ምት» ይባላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ምት እንዳለ የሚናገረው ቁጥር ደግሞ ቢፒኤም ነው። ቢፒኤም 60 ከሆነ በየሰከንዱ አንድ ምት አለ ማለት ነው፣ 120 ከሆነ ደግሞ በየሰከንዱ ሁለት።

«ባር» ደግሞ የተወሰኑ ምቶች አንድ ላይ የታሰሩበት ጥቅል ነው። ካዛንቺስ ላይ ባር ሲባል ሌላ ነገር ትዝ የሚላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፣ የሙዚቃው ባር ግን ምት የሚቆጠርበት እንጂ ቢራ የሚቆጠርበት አይደለም። አንዳንድ ባለሙያዎች ሜዠር ይሉታል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላችሁ እንደገና ወደ «አንድ» ስትመለሱ አንድ ባር ጨረሳችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ካወቅን ርዝመቱን ማግኘት ቀላል ነው፦

ርዝመት በሰከንድ = የባር ብዛት × በአንድ ባር ያለው ምት × 60 ÷ ቢፒኤም

60 የገባው አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ ስለሆነ ነው። በምሳሌ እንየው። 4/4 የሆነ የሬጌ ስልት ያለው ዘፈን አለ እንበል። ቢፒኤሙ 96፣ የባሩ ብዛት 72 ነው። በአንድ ባር 4 ምት ስላለ 72 በ4 ሲባዛ 288 ምት ይሆናል። 288 በ60 ተባዝቶ ለ96 ሲካፈል 180 ሰከንድ፣ ማለትም ልክ ሦስት ደቂቃ።

ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ግን የአንድ ባርን ርዝመት አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ አንድ ባር 4 ምት ስለሆነ፣ 4 በ60 ተባዝቶ ለ96 ሲካፈል 2.5 ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ባር ብትጨምሩ 20 ሰከንድ እንደጨመራችሁ በቃላችሁ ታውቃላችሁ።

እስከዚህ ድረስ ማንም የሚስት አይመስለንም። ችግሩ የሚጀምረው 4/4ን ትተን ወደ ችክችካ ስንገባ ነው።

6/8 ላይ «ምት» የሚባለው የቱ ነው?

በሰርግ ቤት የሚያስጨፍረን፣ ትከሻ የሚያስመታው ችክችካ በኖታ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ 6/8 ተብሎ ነው። 6/8 ማለት በአንድ ባር ውስጥ ስድስት ትናንሽ ምቶች አሉ ማለት ነው። ነገር ግን ሰው ሲያጨበጭብ ስድስቴ አያጨበጭብም። ስድስቱ ትናንሽ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው ይታሰሩና፣ እግራችንም እጃችንም የሚሰማው ሁለት ትልልቅ ምት ብቻ ነው፦ «አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት»። ከበሮ መቺው ጠንከር አድርጎ የሚመታቸው፣ እግር የሚረግጣቸው፣ «አንድ» እና «አራት» የተባሉት ናቸው።

ስለዚህ በአንድ የችክችካ ባር ውስጥ «ስንት ምት አለ?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት መልስ አለው፣ ሦስቱም እውነት ናቸው።

በእግር ከቆጠርነው 2 ነው። ይኼ ጨፋሪውና ከበሮ መቺው የሚያውቁት ምት ነው።

በትንሹ ምት ከቆጠርነው 6 ነው። ይኼ 6/8 በሚለው ጽሑፍ ላይ የተቀመጠው ምት ነው።

ሦስተኛው ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ነው። አብዛኞቹ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች BPM የሚሉት የሩብ ኖታን ብዛት ነው፣ ባሩ 4/4 ይሁን 6/8 ግድ የላቸውም። አንድ ሩብ ኖታ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ምቶችን ይይዛል። ስድስት ትናንሽ ምት ለሁለት ሲካፈል ሦስት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በአንድ የችክችካ ባር ውስጥ የሚያየው 3 ምት ነው። ማንም ሰው ችክችካን በሦስት አያጨበጭብም፣ ኮምፒውተሩ ግን ጭብጨባ አይሰማም፣ የሚቆጥረው በራሱ መለኪያ ነው።

አሁን የልጃችን ስህተት ግልጽ ሆነ። 180 የሚለውን ቁጥር የወሰደው ከኮምፒውተሩ ነው፣ ማለትም የሩብ ኖታ ብዛት ነው። «በባር ሁለት ምት» የሚለውን ግን የወሰደው ከእግሩ ነው። አንዱን በሜትር፣ አንዱን በክንድ ለክቶ ሁለቱን እንዳካፈለ ሰው ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለየብቻቸው ትክክል ሆነው ሳለ፣ አንድ ላይ ሲገቡ መልሱን አበላሹት።

ከአንድ ቁጥር ሦስት መልስ

ይኼን በደንብ ለማየት ያንኑ 540 ምት በሦስቱም እንሞክረው።

ልጃችን እንዳደረገው ለ2 ካካፈልን 270 ባር ይወጣል። ሲጫወት 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው፣ ረዘመ።

«6/8 ስለሚል 6 ነው» ብሎ የሚያስብ ሌላ ሰው ለ6 ካካፈለው 90 ባር ይወጣል። ሲጫወት 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ብቻ ነው፣ አጠረ። ይኼኛውም ስህተት ከመጀመሪያው አይተናነስም፦ ጨፋሪዎቹ መድረክ ላይ ቆመው ሙዚቃው ያልቅባቸዋል።

ለ3 ካካፈልነው ግን 180 ባር ይወጣል፣ ሲጫወትም ልክ 3 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ 540ውም 3ቱም በሩብ ኖታ የተቆጠሩ ናቸው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ኮምፒውተሩን ትታችሁ በእግር ብትሄዱም እዚያው ትደርሳላችሁ። ስክሪኑ ላይ 180 ሲል እግር የሚረግጠው በደቂቃ 120 ነው። በሦስት ደቂቃ 360 እርግጫ፣ ለ2 ሲካፈል 180 ባር። በትንሹ ምት ብትቆጥሩ ደግሞ በደቂቃ 360 ትናንሽ ምት አለ። በሦስት ደቂቃ 1080፣ ለ6 ሲካፈል አሁንም 180 ባር። የትኛውንም መንገድ ብትይዙ ችግር የለውም፣ መሐል ላይ መንገድ እንዳትቀይሩ ብቻ።

ስለዚህ ከላይ ባስቀመጥነው ቀመር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ ቢፒኤሙ የቆጠረው ምትና በባሩ ውስጥ የምትቆጥሩት ምት አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ከእግር ወደ ስክሪን ለመሄድም ቀላል መንገድ አለ። አንድ የእግር እርግጫ ሦስት ትናንሽ ምት ነው፣ አንድ ሩብ ኖታ ደግሞ ሁለት ነው። ስለዚህ ለ6/8 የእግሩን ቁጥር በ1.5 ስታባዙት የስክሪኑን ታገኛላችሁ። እግር 100 ከሆነ ስክሪኑ 150፣ እግር 110 ከሆነ 165፣ እግር 120 ከሆነ 180። ከበሮ መቺው «በዚህ ፍጥነት ነው የምንጫወተው» ብሎ በእግሩ 120 ካሳያችሁና እናንተ ስክሪኑ ላይ 120 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ጭፈራው እንደሚዘገይና ለምን እንደዘገየ አሁን ታውቃላችሁ። እግሩ በደቂቃ 80 ላይ ይወርዳል።

ጋሼ እንዴት አወቁት?

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ልጁ ፋይሉን ሲያይ መጀመሪያ ያሰበው ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ ነው። የቡድኑ ከበሮ መቺ የሆኑ አንድ ጋሼ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና «እስኪ አጫውተው» አሉት። በእግራቸው እየረገጡ፣ እሱ ስልኩ ላይ ሰዓት ያዘ። 60 እርግጫ በ30 ሰከንድ አለቀ።

«በአንድ ባር ስንቴ ነው የምረግጠው?» አሉት።

«ሁለቴ ጋሼ።»

«ስለዚህ በ30 ሰከንድ 30 ባር ሄደ። አንድ ባር አንድ ሰከንድ ነው ማለት ነው። ሦስት ደቂቃ ደግሞ 180 ሰከንድ አይደል እንዴ ልጄ? 270ውን ከየት አመጣኸው?»

በቃ፣ አለቀ። ጋሼ ስለ ሩብ ኖታ አንድም ቃል አልተናገሩም። የአንድን ባር ርዝመት በሰዓት ለኩት፣ ከዚያ ወደ ደቂቃ ሄዱ። የትኛውም ፕሮግራም፣ የትኛውም ኪቦርድ BPM ሲል ምኑን እንደሚቆጥር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። 20 ወይም 30 ባር አጫውቱ፣ ሰዓት ያዙ፣ ሰከንዱን ለባሩ ብዛት አካፍሉ። የወጣው ቁጥር በቀመር ካሰላችሁት የአንድ ባር ርዝመት ጋር ከገጠመ ጥሩ። አንዱ የሌላው አንድ ተኩል እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሆኖ ከመጣ ግን ምቱን አምታታችኋል ማለት ነው፣ ሌላ ችግር አትፈልጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ሰዓቱን ስታስጀምሩ የመጀመሪያዋን እርግጫ «አንድ» ብላችሁ ከቆጠራችሁ፣ አሥረኛዋ ላይ ስታቆሙ የለካችሁት አሥር ሳይሆን ዘጠኝ ክፍተት ነው። ጣታችሁን ዘርግታችሁ ብታዩት አምስት ጣት መሐል ያለው ክፍተት አራት ነው። እግሩ 120 ሲሆን በ4.5 ሰከንድ አሥር እርግጫ የቆጠራችሁ ይመስላችሁና 133 ታወጣላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያዋን «ዜሮ» በሏት። ቆጠራውንም ወደ 60 አካባቢ ብታደርሱት የጣት መዘግየት የሚያመጣው ስህተትም ይቀንሳል።

ፍጥነትን ሰምተው የሚናገሩ የስልክ መተግበሪያዎችንም ተጠንቀቁ። አንድን ዘፈን ሲሰሙ እጥፉን ወይም ግማሹን መናገራቸው የተለመደ ነው። ችክችካ ሲሆን ደግሞ አንዴ የእግሩን፣ አንዴ የሩብ ኖታውን ሊነግሯችሁ ይችላሉ። 120 ወይም 180 ማለታቸው ብቻውን ምንም አይጠቅምም፣ እየቆጠሩ ያሉት የቱን እንደሆነ በእግራችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ።

270ውን ወደ ሦስት ደቂቃ ማውረድ

አሁን ሥራው ከ270 ባር ወደ 180 መውረድ ነው። ዝም ብሎ ከመጨረሻው 90 ባር መቁረጥ ይቻላል? በሒሳብ ይቻላል፣ በሙዚቃ ግን አይሆንም። ዜማውም እንቅስቃሴውም የተሠራው በስምንት በስምንት ባር ነው። ጨፋሪ ስምንት ቆጥሮ ነው የሚዞረው። 180 ደግሞ ለ8 ሲካፈል 22 ደርሶ 4 ይተርፋል፣ ስለዚህ መጨረሻው በስንኙ ግማሽ ላይ ይቆረጣል።

ስለዚህ ልጁ 22 ሙሉ ስምንታዎችን ወሰደ፣ ይኸውም 176 ባር ነው። አንድ ባር አንድ ሰከንድ ስለሆነ 2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሆነ። የቀረው አራት ሰከንድ ባክኗል ማለት አይደለም። የመጨረሻው ምት ከተመታ በኋላ ድምፁ እየቀለለ እስኪጠፋ ጊዜ ይፈልጋል፣ ያ ጊዜ የባር ቁጥር ውስጥ አይታይም፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ይሰማል። ሰዓት ጠባቂው የሚቆጥረውም እስከ ዝምታው ድረስ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነበር፦

- መግቢያ፦ 16 ባር፣ እስከ 0:16
- የመጀመሪያው ግጥም፦ 32 ባር፣ እስከ 0:48
- አዝማች፦ 16 ባር፣ እስከ 1:04
- የማሲንቆ መሸጋገሪያ፦ 24 ባር፣ እስከ 1:28
- ሁለተኛው ግጥም፦ 32 ባር፣ እስከ 2:00
- አዝማች፦ 16 ባር፣ እስከ 2:16
- እስክስታ በከበሮ ብቻ፦ 32 ባር፣ እስከ 2:48
- መዝጊያ፦ 8 ባር፣ እስከ 2:56

መሪዋ ይኼን ወረቀት ይዛ የትኛውን እንቅስቃሴ እንደምታስቀር አንድ በአንድ መረጠች። የቀረው ጊዜ ሁለት ቀን ነበር፣ ልጆቹም አዲስ ነገር ሳይጨምሩ የሚያውቁትን አሳጥረው ተለማመዱ። መድረክ ላይ ድምፁ ሳይዘጋባቸው ጨርሰው ወረዱ፣ ልጁም ቀሪ ክፍያውን አገኘ።

«ፍጥነቱን ትንሽ ቢጨምረውስ?» የምትሉ አላችሁ። ትንሽ ሲሆን ይሠራል። ለምሳሌ 23 ስምንታ፣ ማለትም 184 ባር፣ በሦስት ደቂቃ እንዲያልቅ ከተፈለገ ቀመሩን ገልብጦ ቢፒኤሙን መፈለግ ነው፦ 184 በ3 ይባዛል፣ በ60 ይባዛል፣ ለ180 ሰከንድ ይካፈላል፣ 184 ይወጣል። ከ180 ወደ 184 መሄድ ጆሮ ብዙም አያውቀውም። 270 ባርን ግን በሦስት ደቂቃ ለማስገባት ስክሪኑን 270 ማድረግ ያስፈልጋል፣ እግሩም በደቂቃ 180 ይሆናል። በዚያ ፍጥነት ትከሻ የሚመታ ሰው ካገኛችሁ አሳዩን።

ቀስ ብሎ ጀምሮ የሚፈጥን ሙዚቃ

የእኛ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ በአንድ ፍጥነት አያልቅም። በዝግታ፣ በትዝታ ስሜት ይጀምርና መሐል ላይ ወደ ጭፈራ ይገባል። እዚህ ላይ ሰው የሚሠራው ስህተት ሁለቱን ፍጥነት አማካይ አድርጎ ማስላት ነው።

ሁለት ክፍል ያለው 6/8 ሙዚቃ እንውሰድ፣ ፍጥነቱን በእግር እንቁጠረው። የመጀመሪያው 24 ባር ነው፣ እግሩ 60። ሁለተኛው 132 ባር ነው፣ እግሩ 120። በመጀመሪያው አንድ ባር 2 ሰከንድ ስለሆነ 48 ሰከንድ ይወስዳል። በሁለተኛው አንድ ባር 1 ሰከንድ ስለሆነ 132 ሰከንድ። ሲደመር 180 ሰከንድ፣ ሦስት ደቂቃ።

አማካይ የሚፈልገው ሰው ግን 60 እና 120ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 90 ይላል። 156 ባር በ2 ምት፣ በ60 ተባዝቶ ለ90 ሲካፈል 208 ሰከንድ ይሰጠዋል። 28 ሰከንድ ተሳሳተ። ምክንያቱ ሁለቱ ክፍሎች እኩል ስላልሆኑ ነው። አማካዩ ለአጭሩ ዝግተኛ ክፍል የማይገባውን ክብደት ሰጠው። ክፍል በክፍል ወደ ሰከንድ ቀይሩ፣ ከዚያ ሰከንዱን ደምሩ። ፍጥነትን አትደምሩ።

ከበሮው ቀስ በቀስ እየፈጠነ የሚሄድ ከሆነ ግን አጭር ክፍል ላይ የመነሻና የመድረሻ ፍጥነቱን መሐል መውሰድ ይቻላል። በ32 ባር ውስጥ እግሩ ከ120 ወደ 140 ከወጣ፣ መሐሉ 130 ነው። 64 እርግጫ በ60 ተባዝቶ ለ130 ሲካፈል 29.5 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሳይፈጥን ቢሄድ 32 ሰከንድ ነበር።

ስሌቱ የማይሠራበት ቦታ

ይኼ ሁሉ የሚሠራው ባሩ ቀድሞ ከተቆጠረ ነው። በዱሮ ጊዜም ቆጠራው ግድ ነበር። አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 በመሠረተው አምሃ ሬኮርድስ ሸክላ ሲታተም፣ የትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። እግር 120 የሚሄድ ችክችካ በአራት ደቂቃ 240 ባር ነው፣ ከዚያ በላይ ግጥም ያለው ዘፋኝ የሚቆረጠውን መምረጥ ነበረበት።

አዝማሪ ቤት ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቿ የታወቀች ሰፈር ነበረች፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ስሙን ያስጠራው ፈንዲቃም የበቀለው እዚሁ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያለ ምት፣ በነጻ ሲያንጎራጉር የሚቆጠር ባር የለም። ምቱ ከገባ በኋላም ተቀማጩ ስንኝ ይወረውርለታል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ሌላው «ጨምርልኝ» ይላል፣ ሽልማት ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል። የአንዱ ባር ርዝመት ይታወቃል፣ ስንት ባር እንደሚሆን ግን የሚወስነው ቤቱ ነው።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሰዓት የተቆረጠለት መድረክ ላይ ማቅረብ ካስፈለገ፣ ነጻውን ክፍል በባር ሳይሆን በሰዓት ስጡት። ለምሳሌ «ማሲንቆው ለ40 ሰከንድ ይጫወት፣ ከዚያ ከበሮው ይግባ» በሉ። ከሦስት ደቂቃ 140 ሰከንድ ይቀራል። እግሩ 120 ከሆነ 140 ባር ነው፣ በስምንት ሲከፋፈል 17 ስምንታ፣ ማለትም 136 ባር። የተረፈው 4 ሰከንድ ለመጨረሻው ድምፅ።

ልጃችን አሁን አዲስ ሥራ ሲቀበል ወረቀቱ አናት ላይ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ እግሩ ስንት ነው፣ ስክሪኑ ስንት ይላል፣ አንድ ባር ስንት ሰከንድ ነው። ሦስተኛውን በሰዓት ሳይለካ የባር ቁጥር ለማንም አይልክም።

እናንተስ እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? በኮሜንት ጻፉልን። ኪቦርድ የሚጫወት ወይም ውዝዋዜ የሚያስጠና ጓደኛ ካላችሁም ሼር አድርጉለት። በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።